ሉክ ማለት ሽንኩርት ነው ወይስ መስክ?

የተከበራችሁ የቋንቋ መምህራን፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ በዚህ ዝናብ ከቢቸናም ከሞጣም ከዳንግላም የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የክረምቱን ስልጠና በንግግር ይዝጉልን ስባል "አሥር ደቂቃ ብቻ" ተብያለሁ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያየኝ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ለማንኛውም እሞክራለሁ። የመጣሁት ግን ለአንድ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር አልወርድም።

መጀመሪያ እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉ። አዎ፣ ከኋላ ያላችሁትም! አሁን "ኮድ" በሉ። ቀጥላችሁ "ኮት" በሉ። "ድ" ላይ ጉሮሮ ይነዝራል፤ "ት" ላይ ዝም ይላል። ነዛሪና ኢነዛሪ የምንላቸው እነዚህን ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ቃሉ መጨረሻ ላይም ይህን ልዩነት አንጥልም። የስልክ ኮድ ጠይቆ የሚለበስ ኮት የተሰጠው ሰው አላየሁም።

ሩሲያዊ ግን ሁለቱንም "ኮት" ነው የሚለው። በሩሲያኛ "ኮድ" ያው የኛው ኮድ ነው፤ "ኮት" ደግሞ ድመት ነው። ቃሉ ለብቻው ሲጠራ ኮዱና ድመቱ በጆሮ አይለዩም።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ተዋርጄ ነው። በ1970ዎቹ ለትምህርት ወደ ቮሮኔዥ ስሄድ የመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ለቋንቋ ነበር። አብሮኝ የተመደበ አንድ የቢቸና ልጅ ነበር። መምህራችን ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፤ ሲያስረዱ ድምፃቸው ከፍ ይላል። በረዶው ሲለቅ አንድ ቀን ወደ ወንዙ ዳር ይዘውን ወጡ። ፊት ለፊታችን አረንጓዴ ሜዳ ተንጣሏል። የጮቄን ግርጌ በክረምት መውጫ የሚያውቅ ሰው ሆዱ ይባባል፤ የኔም ባባ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው "ሉክ!" አሉ።

እኔ "ሉክ" የሚለውን ቃል ከትናንት ወዲያ ገበያ ላይ ነው የተማርኩት። ሽንኩርት ነው። በገንዘቤ የገዛሁት ሽንኩርት! ታዲያ ጎንበስ ብዬ ሳሩን መግለጥ ጀመርኩ። የቢቸናው ልጅ በአማርኛ "የታለ ሽንኩርቱ?" ይለኛል። "ቆይ፣ ገና አልደረሰ ይሆናል" እለዋለሁ። እሳቸው ያልገባን መሆኑን ሲያዩ ድምፃቸውን ጨመሩ፤ "ሉክ! ሉክ!" እኛም ፍለጋውን ጨመርን። ማታ ስለ ውሏችን ጻፉ ተባልን። እኔ "ላሞች ሽንኩርት ላይ ይግጣሉ" ብዬ ጻፍኩ። እኒያ ሴት እስኪያለቅሱ ሳቁ። ወረቀቱ መስኮት ላይ ተለጥፎ ከረመ።

በማግስቱ ግን ቁጭ አድርገው አንድ ነገር አሳዩኝ። "መስኩ ላይ" ሲሉ "ና ሉጉ" ይላሉ። "ግ" ከየት መጣ? "የመስክ" ለማለት ደግሞ "ሉጋ"። "የሽንኩርት" ለማለት ግን "ሉካ"። ለብቻቸው ሁለቱም "ሉክ" ናቸው፤ አናባቢ ሲከተላቸው ግን አንዱ "ግ" ሌላው "ክ" ሆነው ይለያያሉ።

የዛሬው ጉዳይ ይህ ነው። በሩሲያኛ ቃል መጨረሻ ላይ ግ እና ክ፣ ድ እና ት፣ ብ እና ፕ፣ ዝ እና ስ ልዩነታቸው ይጠፋል፤ ሁሉም ኢነዛሪ ይሆናሉ። ኒውትራላይዜሽን የሚባለው ይህ ነው። ሩሲያ ተወልዶ ቪየና ያስተማረው የቋንቋ ሊቅ ትሩቤትስኮይ በሞተ በዓመቱ፣ በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በወጣው መጽሐፉ አጥብቆ የያዘው አንድ ነገር ነበር፤ ቦታ። ልዩነቱ በአንድ ቦታ ይጠፋል፣ በሌላ ቦታ ግን አለ።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ለመምህራን በተዘጋጀ አንድ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ወጣ፤ "ከሚከተሉት የኒውትራላይዜሽን ምሳሌ የሚሆነው የቱ ነው?" የመልሱ ቁልፍ "ሠ እና ሰ" ይላል! እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት መምህርት "መልስ የለም" የሚለውን አክብባ ነጥብ ተቀነሰባት። ደብዳቤ ጻፍኩ። "መልሱ በባለሙያ የታየ ነው" የሚል አንድ መስመር መጣልኝ። ባለሙያው ማን ነው? ይምጣና ይንገረኝ!

ጎጃም ውስጥ ነው ይህ የሚባለው፤ ቅኔ ቤት ባለበት አገር። የኔታ ፊት የተቀመጠ ተማሪ በግዕዝ "ሠረቀ" ፀሐይ ስትወጣ፣ "ሰረቀ" ሌባ ሲሰርቅ መሆኑን ያውቃል። ግን በምን ያውቃል? በፊደሉ። ሌሊቱን ሙሉ ግሱን ያርባ፤ በሚያረባው ሁሉ ሁለቱ በጆሮ አንድ ናቸው። መሐል ላይ ቢያደርገው፣ ጫፍ ላይ ቢያደርገው፣ አናባቢ ቢያስከትልለት ሠ ተመልሶ አይሰማም። ልዩነቱ የተመለሰበት ቦታ የለም። ይህ ሁለት ድምፆች ጨርሰው አንድ መሆናቸው ነው እንጂ ኒውትራላይዜሽን አይደለም። የሩሲያው ግ ግን ጫፍ ላይ ብቻ ነው የተደበቀው፤ በ"ሉጋ" ይወጣል። በር ዘግቶ የተቀመጠን ሰው ሞቷል ብላችሁ ለቅሶ ትቀመጣላችሁ?

አማርኛችን ውስጥ ምሳሌ የጠፋ ይመስል! "ዘፋኝ" እና "ጎብኚ" በሉ። ሁለቱም ላይ የሚሰማው "ኘ" ነው። "ዘፈነ" ስትሉ ግን ነ ይወጣል፤ "ጎበኘ" ስትሉ ያው ኘ። ይሄ ነበር የሚጠየቀው።

እሺ፣ ቁጣው ይብቃ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እዩ። ፊተኛው ቃሉ ለብቻው የሚሰማበት ነው፤ ሁለተኛው "የ..." ሲባል የሚሰማበት። የጻፍኩት በሚሰማው ድምፅ እንጂ በሩሲያ ፊደል አይደለም፤ ፊደላቸው መልሱን ስለሚናገር።

ዙፕ፣ ዙባ (ጥርስ)
ሱፕ፣ ሱፓ (ሾርባ)
ፕሩት፣ ፕሩዳ (ኩሬ)
ፕሩት፣ ፕሩታ (አርጩሜ)
ሉክ፣ ሉጋ (መስክ)
ሉክ፣ ሉካ (ሽንኩርት)
ግላስ፣ ግላዛ (ዓይን)
ክላስ፣ ክላሳ (የትምህርት ክፍል)

ጥያቄው፤ ተናጋሪው በልቡ የያዘው መነሻ ቅርጽ የትኛው ነው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ለብቻው ወደተጠራው ቃል ነው። አጭሩ እሱ ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም፣ ስለዚህ መነሻው እሱ ይሁን ይላል። እሺ፣ አብረነው እንሂድ። የጥርስ መነሻ "ዙፕ" ይሁን። "ዙባ" እንዲወጣ "ኢነዛሪው በሁለት አናባቢ መካከል ሲገባ ይነዝራል" የሚል ሕግ ያስፈልገናል። ይሠራል። ኩሬውንም መስኩንም ዓይኑንም ያወጣል። ቀጥሎ ሾርባው ይመጣል። "ሱፕ" ላይ "አ" ሲጨመር ሕጉ "ሱባ" ይላል። የሚሰማው ግን "ሱፓ" ነው። አርጩሜውም "ፕሩዳ" ሊሆን ነው፤ አልሆነም። ኩሬና አርጩሜ ሁለቱም መነሻቸው "ፕሩት" ከሆነ፣ ለአንዱ ድ ለሌላው ት የሚያወጣ ሕግ ከየት ይመጣል? በልዩነት መዝገብ ልያዝ ካለ ቋንቋውን ሙሉ መዝገብ ሊያደርገው ነው።

አሁን ከሌላው በኩል ኑ። ጥርስ "ዙብ"፣ ሾርባ "ሱፕ"፣ ኩሬ "ፕሩድ"፣ አርጩሜ "ፕሩት" ይሁኑ። ሕጉ አንድ ነው፤ ነዛሪው ቃል መጨረሻ ላይ ኢነዛሪ ይሆናል። "ዙብ" ጫፍ ላይ ስለሆነ "ዙፕ"። "ሱፕ" ድሮም ኢነዛሪ ነው፤ ሕጉ አይነካውም። አናባቢ ሲከተል ጫፍነቱ ይቀራል፣ ሕጉ አይሠራም፣ የተያዘው እንዳለ ይወጣል፤ ዙባ፣ ሱፓ፣ ፕሩዳ፣ ፕሩታ። ስምንቱም ወጡ። ልብ በሉ፤ ውሳኔውን የሰጠው የተቀያየረው ቃል አይደለም፤ ያልተቀየረው ሾርባ ነው። ተማሪ የማይቀየሩትን "ጥቅም የላቸውም" ብሎ ሲሰርዛቸው የማየው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሾርባውን ከሰሌዳው አጥፉት፣ አርጩሜውን፣ ሽንኩርቱን፣ የትምህርት ክፍሉንም አጥፉ፤ ሁለቱም ሕጎች እኩል ይሠራሉ፤ መፍረድ አትችሉም።

አንድ ወጥመድ ብቻ ልንገራችሁ። ማረጋገጫችሁን አናባቢ ፊት ውሰዱ፤ ነዛሪ ተነባቢ ፊት አትውሰዱ። ሩሲያኛ ውስጥ "ዤ" የምትባል ለማጠንከር የምትገባ ቃል አለች። "ሉክ" ላይ ስትጨመር ሽንኩርቱም መስኩም "ሉግዤ" ይሆናሉ። ተነባቢው የጎረቤቱን ንዝረት ይወስዳል። ይህን ሰምቶ የሽንኩርትም መነሻ "ሉግ" ነው ያለ ተማሪ ነበረኝ። ጆሮው አልተሳሳተም፤ ቦታውን ነው የተሳሳተው። እዚያም ልዩነቱ ጠፍቷል፣ በሌላው አቅጣጫ።

ቱርኮች ደግሞ የጫፉን ድምፅ እንደተሰማ ይጽፉታል። ኪታብን "ኪታፕ" ብለው ይጽፋሉ፤ አናባቢ ሲያስከትሉለት ብ ይመለሳል። በመሣሪያ የለኩ ሰዎች ጀርመንኛ ላይ፣ ልዩነቱ ጠፋ በምንልበት ቦታም ቢሆን፣ ጥቂት ሚሊሰከንድ የአናባቢ ርዝመት ልዩነት ይቀራል ብለዋል፤ ያ ሌላ ቀን ይሁን፣ ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

ወንበራችሁ ላይ ያለው ወረቀት ጀርመንኛ ነው። "ራት፣ ራደስ" መንኮራኩር። "ራት፣ ራተስ" ምክር። "ታክ፣ ታገስ" ቀን። አራተኛው "ኡንት" ነው፤ "እና" ማለት፤ ምንም አይጨመርበትም፣ መቼም አይረባም። የአራቱንም መነሻ ቅርጽ ጻፉ፤ የማይወሰን ካለ "አይወሰንም" በሉና ምክንያቱን በአንድ መስመር አስቀምጡ። እዚህ "አይወሰንም" ላለ ሰው ነጥብ አይቀነስም። ስማችሁን ከላይ ጻፉ፣ ሻይ ከወጣን በኋላ እሰበስባለሁ።