ምልክቱ የሚቀየረው የት ነው?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ቡናዬ አጠገቤ አለ። የማወራችሁ ደግሞ ስለ ሊሚት ነው። አትሳቁ።

ታናሽ እህቴ 12ኛ ክፍል ናት። ትናንት ማታ ደብተሯን ይዛ መጣች። x ወደ 2 ሲጠጋ የዚህ ሊሚት ስንት ነው ይላል፦

|x² − 4| / (x − 2)

"4" ብላለች። እኔም በሷ ዕድሜ ፈተና ላይ 4 ብዬ ዜሮ ተሰጥቶኛል። አብሶሉት ቫልዩውን እንደ ተራ ቅንፍ ቆጥሬ፣ x − 2ን ከላይና ከታች አጣፋሁት። x + 2 ቀረ። 2 ሲገባበት 4። አለቀ!

ግን ከ2 በስተግራ ያለውን እዩት። x 1.9 ሲሆን x² 3.61 ነው፤ 4 ሲቀነስበት ኔጌቲቭ ይሆናል። አብሶሉት ቫልዩ ኔጌቲቭ ሲያገኝ ምልክቱን ይገለብጠዋል። ስለዚህ በዚያ በኩል ላይኛው 4 − x² ነው። ሲጣፋ −(x + 2) ይቀራል፤ ወደ −4 ይሄዳል። ከቀኝ 4፣ ከግራ −4። አልተገናኙም፤ ሊሚት የለውም።

ይሄ ገባት። ጣጣው የመጣው በሚቀጥለው ነው፤ x ወደ 0 ሲጠጋ፦

(|2x − 1| − |2x + 1|) / x

ዘዴውን ይዛዋለቻ፣ ወዲያው ለሁለት ከፈለችው። x ከዜሮ ሲበልጥ አብሶሉቱን ዝም ብላ አነሳች። ሲያንስ ሁለቱንም ገለበጠች። በቀኝ −2/x፣ በግራ 2/x ወጣላት። ሁለቱም ወደ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ይወርዳሉ። "ተስማሙ እኮ!" አለች ደስ ብሏት።

እውነቴን ነው፣ እኔም ለአፍታ ተሸውጄ ነበር። ስህተት ከግራም ከቀኝም መጥቶ ሲስማማ ያሳምናል።

"ስልክሽን አውጪና 0.1 አስገቢ" አልኳት። ከ0.8 ላይ 1.2 ሲቀነስ −0.4፤ ለ0.1 ሲካፈል −4። በሷ ስሌት ግን −20 መምጣት ነበረበት።

የከፈለችው x ራሱ ምልክት በሚቀይርበት ቦታ ነው። መታየት ያለበት ግን አብሶሉቱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። 2x − 1 ምልክቱን የሚቀይረው 1/2 ላይ፣ 2x + 1 ደግሞ −1/2 ላይ ነው። ዜሮ ከሁለቱም ርቆ መሃል ላይ ተቀምጧል። እዚያ አካባቢ፣ በግራም ሆነ በቀኝ፣ የመጀመሪያው ኔጌቲቭ፣ ሁለተኛው ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ መክፈልም አያስፈልግም፦

(1 − 2x) − (2x + 1) = −4x

ለx ሲካፈል −4። በቃ።

ዝም አለች። ከዚያ −0.1 አስገባች፤ −4። 0.01 አስገባች፤ −4። ቀጥላ እኔን ለመፈተን ነው መሰለኝ 0.6 ሞከረች። −3.33 ምናምን መጣ።

"ይኸው፣ ተበላሸ!" አለች።

"1/2ን አለፍሽ እኮ" አልኳት።