የልጆቻችን ሹራብ ለምን ይድበለበላል?

ውድ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልጆቻችን የዩኒፎርም ሹራብ ነው። መስከረም ላይ አዲስ እንገዛለን። ጥር ሳይገባ ብብቱና ክርኑ ላይ ትናንሽ የክር ድቡልቡሎች ያወጣል። እኔ ሹራብ ሠሪ ነኝ፤ ይሄ ጥያቄ ሁሌ ይመጣልኛል።

ክር ማለት ብዙ ቀጫጭን ፀጉሮች አብረው ሲጠመዘዙ ነው። ሲታሽ የፀጉሮቹ ጫፍ ብቅ ይላል፤ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይድበለበላል። በእንዝርት የፈተለች እናት ታውቀዋለች፤ ላላ ያለ ፈተል ቶሎ ፀጉር ያወጣል።

ሱፍም ይድበለበላል። ለስላሳው ካሽሚርማ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ አዲስ እያለ ብዙ ያወጣል። ግን የሱፍ ፀጉር ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ድቡልቡሉን የያዘው ፀጉር በጊዜ ይበጠስና ይረግፋል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ግን ብዙ ያወጣል፤ ያወጣውንም ቶሎ አይለቅም። ከሁሉም የሚያስቸግረው ሱፍ ወይም ጥጥ ከፖሊስተር ጋር ሲደባለቅ ነው። ደካማው ፀጉር ወጥቶ ይጠላለፋል፣ ጠንካራው አንቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ስትገዙ ከምን እንደተሠራ ውስጡ በተሰፋው ምልክት ላይ አንብቡ። ከዚያ የታችኛውን ጠርዝ በውስጥ በኩል በአውራ ጣታችሁ ሃያ ጊዜ ያህል እሹት። ወዲያው ፀጉር ካወጣ ተዉት።

ባለፈው ዓመት የልጄ ሹራብ በቀኝ ጎኑ ብቻ ተድበለበለ። ግራው ንጹሕ ነው። አጣጠቤን ስጠረጥር ከረምኩ። ለካ ቦርሳዋን በቀኝ ትከሻዋ ብቻ አንጠልጥላ ስትሄድ፣ ቦርሳው እየተወዛወዘ ጎኗን ያሸዋል። በሁለቱም ትከሻ ስታዝለው ጀርባዋ ላይ ረግቶ ተቀመጠ። ጎኑም እንደበፊቱ መድበልበሉን ተወ።

አጣጠቡም ቢሆን ቀላል ነው። ሹራቡን ገልብጡት። ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉና ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ጨርቁን እርስ በርሱ አትፈትጉት፣ ብሩሽም አታስነኩት። ከጂንስ ጋር አብራችሁ አትጠቡት፤ ሻካራ ጨርቅ ያሸዋል። በማሽን ከሆነ በስሱና ለአጭር ጊዜ ይበቃዋል።

የወጣውን ደግሞ በጣታችሁ አትንቀሉ። አንዱን ስትጎትቱ አዲስ ፀጉር ይዞ ይወጣል፤ በሳምንቱ እዚያው ቦታ ሌላ ታገኛላችሁ። ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፣ እጅጌው ውስጥ ደብተር አስገቡ። ጨርቁን በአንድ እጅ ወጠር አድርጋችሁ ያዙት። በሌላው የጢም መላጫ ይዛችሁ ሳትጫኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አጠር አጠር አድርጋችሁ ላጩት። ስፌቱ ጋ ስትደርሱ ዝለሉት። የተላጨውን በፕላስተር ልቅም አድርጉ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ከመላጨታችሁ በፊት ክርኑን ወደ ብርሃን አንሱና እዩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሳስቷል፤ ምላጭ ይቀደዋል። ለእሱ የሚበጀው ጨርቅ መጣፍ ብቻ ነው።

መላጫና የተድበለበለ ሹራብ ይዤ መጥቻለሁ። መሞከር የሚፈልግ እዚህ ጠረጴዛ ጋ ይምጣ።