ገበያው ደርቶ ትርፉ የት ገባ?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ ራሴ ስህተት ነው።

የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ፣ ደብተርን ከመግዣው በታች ለመሸጥ ወሰንኩ። ሰው ርካሹን ደብተር ብሎ ይገባል፣ ሲወጣ እስክሪብቶም ቦርሳም ይዞ ይወጣል፤ እኔም በደብተሩ ያጣሁትን በሌላው እመልሳለሁ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

በሳምንቱ ሱቁ ሞልቶ ዋለ። ደስ አለኝ። ወሩ ሲያልቅ ሒሳብ ስሠራ ግን ትርፌ ቀንሷል። ሽያጩ ጨምሮ ትርፉ የቀነሰበት ምክንያት አልገባኝም። አንድ ማታ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ በተንኳቸው።

ቁጥሩን ላቅልለው፤ ገንዘቡ የፈለጋችሁት አገር ይሁን። ደብተሩን በ100 ገዝቼ በ110 ነበር የምሸጠው። በሳምንት 40 ይሸጥ ነበር፤ ትርፉ 400። ዋጋውን 90 ሳደርገው 100 ደብተር ተሸጠ። እያንዳንዱ ላይ 10 ከሰርኩ፣ ይኼ 1000 ነው። እኔ የቆጠርኩት ይህን ብቻ ነበር። ግን ያ የድሮው 400ም አብሮ ሄዷል። ያለ ቅናሽም ይገዙኝ የነበሩ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ ገንዘብ እንደ መስጠት ነው የሆነው። ስለዚህ ጉድጓዱ 1400 ነው።

ይህን ጉድጓድ የሚሞላው ከደብተሩ ጋር የተሸጠው ሌላ ዕቃ ትርፍ ነው። ሽያጩ ሳይሆን ትርፉ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደብተሩን ትተን፣ አንድ ደንበኛ ከሚገዛው ሌላ ዕቃ በአማካይ 60 አተርፍ ነበር። 1400ን ለ60 ስናካፍል 24 ሰው ግድም ይመጣል። ያውም ያለ ቅናሹ የማይመጡ 24 አዲስ ሰዎች።

ደረሰኙስ ምን አለ? መቶው ደብተር የወጣው በ35 ደረሰኝ ነው። ሃያ ሁለቱ ላይ ከደብተር ሌላ ምንም የለም። አንዱ ላይ እንዲያውም 20 ደብተር አለ! ሰውዬው ወስዶ ይቸረችረዋል ማለት ነው፤ እኔ ለእሱ አከፋፋይ ሆኜለታለሁ። ሌላ ዕቃ ካለባቸው 13 ደረሰኞች ውስጥ ዘጠኙ የማውቃቸው የዘወትር ደንበኞች ናቸው። አዲስ የመጡት አራት ብቻ። አራት በ60፣ 240። በቃ።

እኔ ፊት በማወቅ ነው የለየሁት። ሱቁ ትልቅ ከሆነ፣ ያለ ቅናሽ በነበረው ሳምንት በእነዚያው ቀናት ከደብተር ሌላ ዕቃ ያለበት ስንት ደረሰኝ እንደተቆረጠ አይታችሁ ልዩነቱን ትወስዳላችሁ። የገንዘብ መሳቢያው መሙላት ግን ምንም አይነግራችሁም።

በሁለተኛው ሙከራ ዋጋውን አልነካሁትም፤ ያው 90። ለአንድ ሰው ከሁለት በላይ አይሸጥም አልኩ። ሳምንት የነበረውን ሦስት ቀን አደረግሁት። ደብተሩን ከበሩ አንስቼ ወደ ውስጥ ወሰድኩት፤ ወደ ደብተሩ በሚወስደው መተላለፊያ ላይ እስክሪብቶ፣ ላጲስና የደብተር መሸፈኛ ደረደርኩ። እነዚህ ነጠላ ዋጋቸው ትንሽ ቢሆንም ጥሩ ያተርፋሉ፣ ደብተር የያዘ ሰውም ይፈልጋቸዋል። በነገራችን ላይ፣ ከመነሻው ሌላ ዕቃ የማያስከትል ነገር መርጬ ቢሆን ይህ ሁሉ ድርደራ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

60 ደብተር ተሸጠ፤ ኪሳራው 600። በእነዚያ ቀናት በደህናው ጊዜ 20 ያህል እሸጥ ስለነበር የቀረብኝን 200 ስጨምር 800 ሆነ። በሌላ በኩል፣ ሌላ ዕቃም የገዙ አዲስ ሰዎች 17 ነበሩ። አስራ ሰባት በ60፣ 1020። 220 ተረፈኝ።

ግን ቆይ፣ አላለቀም። በቀጣዩ ሳምንት በ40 ፈንታ 30 ደብተር ብቻ ተሸጠ። ሰው በርካሹ ጊዜ ገዝቶ አስቀምጧላ! 100 ከዚያ ሄደ። የቀረው 120 ነው። ትንሽ ናት፤ የመጀመሪያው ዙር ግን 1160 ነበር ያጎደለብኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመሞከራችሁ በፊት የአገራችሁን ሕግ እዩ። ፈረንሳይን የመሰሉ አገሮች፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ዕቃን ከመግዣው በታች መልሶ መሸጥን ይከለክላሉ።

ያ ሃያ ደብተር የወሰደው ሰውዬም በሁለተኛው ዙር መጥቶ ነበር። ሃያ አነሳ። «ለአንድ ሰው ሁለት ነው» አልኩት። ደብተሮቹን አየ፣ እኔን አየ። አስራ ስምንቱን መለሰና አንድ እስክሪብቶ ጨመረ።