ክሊራንስ ለማውጣት ከመሄድዎ በፊት

[ስክሪኑ ላይ፦ ወረቀት የበዛበት ጠረጴዛ፣ ማኅተም፣ ስልክ]

አንድ አነስተኛ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እናስብ። አዲስ አበባ ውስጥ የጽዳት ዕቃ ያቀርባል፤ ሦስት ሠራተኞች አሉት። መጋቢት ላይ ጨረታ ወጣ። የጨረታ ሰነዱ የታክስ ክሊራንስ፣ ማለትም ድርጅቱ የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቃል።

ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻ ጻፉ። የድርጅቱ አርማ ባለበት ወረቀት፣ ፊርማና ማኅተም ያለው፣ ለሚገለገሉበት የግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት። ክሊራንሱ «ለጨረታ» መሆኑንም ገለጹ። ይህቺን ቃል አይዝለሏት። ለፈቃድ እድሳት የወጣ ክሊራንስ ጨረታ ላይ ላይሠራልዎ ይችላል።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሰነዶቹ አንድ በአንድ]

ከማመልከቻው ጋር የንግድ ምዝገባና የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የቲን ምስክር ወረቀት፣ የሥራ አስኪያጁ መታወቂያ ኮፒ ይያያዛል። የሚያስፈጽመው ሌላ ሰው ከሆነ ውክልናም ያስፈልጋል። ከዚያ ያለፈው ዓመት የትርፍ ግብር ማስታወቂያና የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ከሂሳብ መግለጫው ጋር። የቫት፣ የደመወዝ ግብር፣ የዊዝሆልዲንግና የጡረታ ወርሃዊ ደረሰኞችም አብረው ይሂዱ። ቅርንጫፉ ሌላ የሚጨምረው ካለ ቀድመው ይጠይቁ።

የኛ ሰውዬ ይህን ሁሉ ይዘው ሄዱ። ሆኖም ባለሙያዋ ፋይሉን ትታ ኮምፒውተሯን አየች። ነገሩ ያለው እዚያ ነው፤ በቲንዎ ሥር የተመዘገበ እያንዳንዱ የታክስ ዓይነት፣ በየወሩ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ካላንደር፣ ታኅሣሥ ባዶ]

የታኅሣሥ ቫት ማስታወቂያ አልገባም። «በታኅሣሥ እኮ ምንም አልሸጥንም!» አሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ቫት የተመዘገበ ድርጅት ባይሸጥም ዜሮ ብሎ ያሳውቃል። ሲስተሙ «አልሸጠም» እና «ደብቋል» የሚለውን ለይቶ አያውቅም፤ ባዶ ወር ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ዘግይተውም ቢሆን ማስገባት፣ የተጣለውን ቅጣት መጨረስ ነበረባቸው።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ያናድዳል፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ተከፍሏል። ሦስቱ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 10,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ አላቸው። ጡረታው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11፣ በጠቅላላ 18 በመቶ ነው። በወር 5,400 ብር። የጥቅምቱ ክፍያ ሲገባ ወሩ ኅዳር ተብሎ ተመዘገበ። እናም ጥቅምት ላይ ዕዳ፣ ኅዳር ላይ ትርፍ ክፍያ ታየ። እንዲህ ሲሆን ድጋሚ አይክፈሉ። የባንክ ደረሰኙን አያይዘው ወሩ እንዲስተካከል በደብዳቤ ይጠይቁ።

[ስክሪኑ ላይ፦ የጨረታ ሰነድ፣ ቀኑ የተከበበ]

ይህ ማስተካከያ ቀናት ይወስዳል፤ ጨረታው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ማመልከቻውን ከመጻፍዎ በፊት የሂሳብ ሠራተኛዎ ከቅርንጫፉ የግብር ሂሳብዎን ዝርዝር ይጠይቅና ከሐምሌ ጀምሮ ወር በወር ከደረሰኝ ጋር ያመሳክር። በአንዴ መክፈል ያልተቻለ ዕዳ ከተገኘ፣ በክፍያ ስምምነት መክፈል ይቻል እንደሆነ እዚያው ያነጋግሩ።

ክሊራንሱ ሲሰጥዎ መስኮቱ ጋ ቆመው ያንብቡት። ስሙ ከንግድ ፈቃዱ ጋር በፊደል ይመሳሰላል? ቲኑ ልክ ነው? «ለጨረታ» ይላል?