አንድ ቻርት፣ ሦስት ቆጠራ

ውድ የስብሰባው ተሳታፊዎች፣ እንኳን ወደ ሐዋሳ በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሣው በኤሊዮት ሞገድ ቆጠራ ላይ ሁላችሁም የምታውቁትን ጭቅጭቅ ነው። ሦስት ተንታኞች አንድ ቻርት ያያሉ፤ አንዱ ዋጋው ይወጣል ይላል፣ ሌላው ይወርዳል። ብዙ ሰው ከመካከላቸው አንዱ ቆጠራ አይችልም ብሎ ያስባል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሦስቱም ሕጉን ጠብቀዋል።

ራልፍ ኔልሰን ኤሊዮት በ1930ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያስቀመጠው አሠራር ይታወቃል፤ በአዝማሚያው አቅጣጫ አምስት ሞገድ፣ በእርማቱ ሦስት። ኢምፐልስ ለሚባለው ባለ አምስት ሞገድ ጉዞ ሦስት ጥብቅ ሕጎች አሉ። ሞገድ 2 ከሞገድ 1 መነሻ በታች አይወርድም። ከ1፣ 3 እና 5 መካከል ሞገድ 3 አጭሩ አይሆንም። ሞገድ 4 ደግሞ ወደ ሞገድ 1 ክልል አይገባም።

አሁን ይህን ምሳሌ እንውሰድ። ዋጋው ከ100 ተነሥቶ 120 ደረሰ፣ ወደ 110 ተመለሰ፣ ከዚያ 145 ወጣ፣ ቀጥሎ ወረደ። በወረደበት ቀን፣ የዕለቱን ዝቅተኛ ዋጋ የሚያሳየው የካንድሉ ዊክ 119 ነክቶ መዝጊያው 122 ሆነ።

የመጀመሪያው ተንታኝ የሚቆጥረው በመዝጊያ ዋጋ ነው። 122 ከ120 በላይ ስለሆነ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ ይጽፋል፤ አምስተኛውን ይጠብቃል። ሁለተኛው በዊክ ይቆጥራል፤ 119 የሞገድ 1ን ጫፍ ጥሷል፣ ስለዚህ ለእሱ ይህ ኢምፐልስ አይደለም፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባል ባለ ሦስት ሞገድ እርማት ሆኖ 145 ላይ አልቋል፣ የሚቀጥለውም መውረድ ነው። ሦስተኛውም ዋጋው ወደ ሞገድ 1 ክልል መግባቱን ይቀበላል፤ እሱ ግን ከ110 እስከ 145 ያለውን የሞገድ 3 የመጀመሪያ ንዑስ ሞገድ፣ ወደ 119 መውረዱን ሁለተኛው ንዑስ ሞገድ ይለዋል። ለእሱ ትልቁ ጉዞ ገና አልተጀመረም።

ውስጡን ዘርዝረን ብናይ አንገላገልም? እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ዚግዛግ የሚባለው እርማት ውስጡ አምስት፣ ሦስት፣ አምስት ነው። የኢምፐልስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሞገዶችም አምስት፣ ሦስት፣ አምስት ናቸው። እስከ 145 ድረስ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ ወደ ትንሹ ታይምፍሬም መውረድ ብዙም አይረዳም።

ወደ ትልቁ መውጣት ግን ይረዳል። ወደ 100 የወረደው ጉዞ በሦስት ሞገድ ከሆነ፣ እርማቱ አልቆ አዲስ ኢምፐልስ ጀምሯል የሚለው ሚዛን ይደፋል። በአምስት ከሆነ የሁለተኛው ተንታኝ ቆጠራ ክብደት ያገኛል። ከ145 የወረደውንም ቁጠሩት፤ አምስት ንዑስ ሞገድ ከያዘ አራተኛ ሞገድ ነው ማለት ይከብዳል።

ለማንኛውም ከእያንዳንዱ ቆጠራ አጠገብ የሚፈርስበትን ዋጋ ጻፉ። ካንድሉ ከ120 በታች ከዘጋ የመጀመሪያው ወደቀ። ዋጋው ከ110 በታች ከሄደ ሦስተኛውም ወደቀ። ከ145 በላይ ከወጣ፣ 145 ላይ አልቋል ያለው ሰው ስያሜውን ያነሣል። በመዝጊያ ወይስ በዊክ እንደምትቆጥሩ ደግሞ ቻርቱን ከመክፈታችሁ በፊት ወስኑ፤ ዋጋው 119 ከነካ በኋላ የሚወሰን ከሆነ፣ የወሰነው የያዛችሁት ፖዚሽን ነው።