መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩ ለምን አይጠፋም?

[ምስል፦ ሌሊት። የሰፈሩ መብራት ድርግም ብሎ ይጠፋል። የማማው ቀይ መብራት እንደበራ ነው።]

መብራት ጠፋ። ስልክዎ ላይ ያለው ኔትወርክ ግን ንቅንቅ አላለም። ጄኔሬተር ተነስቶ እንዳይመስልዎት፤ እሱ ገና አልተነሳም።

[ምስል፦ የቤዝ ስቴሽኑ ካቢኔ ተከፍቶ።]

ቤዝ ስቴሽን፣ ማለትም ስልክዎን ከኔትወርኩ የሚያገናኘው የማማው ጣቢያ፣ በቀጥታ ከመብራት መስመር አይሠራም። ሬክቲፋየር የሚባለው መሣሪያ ኤሌክትሪኩን 48 ቮልት ወደሚባለው የዲሲ መስመር ይቀይረዋል። ባትሪዎቹም ሁልጊዜ እዚያው መስመር ላይ ናቸው። መብራት እያለ 54 ቮልት አካባቢ ሞልተው ይጠብቃሉ። ሲጠፋ የሚዞር ማብሪያ ማጥፊያ ስለሌለ ሬዲዮው ለቅጽበት እንኳ አይቋረጥም።

ስንት ሰዓት ያቆያሉ? ጣቢያው 1,500 ዋት ይወስዳል እንበል። ለ48 ሲካፈል 31 አምፒር ገደማ ነው። 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ካለን ስድስት ሰዓት ተኩል ይመስላል። ግን ባትሪን እስከ ጥግ ማሟጠጥ ስለሚጎዳው 80 በመቶውን ብቻ እንቁጠር፤ አምስት ሰዓት ይሆናል። ቮልቴጁ 43 አካባቢ ሲደርስ መቁረጫው ይቆርጠዋል። ኔትወርክ የሚጠፋው ያኔ ነው።

[ምስል፦ ጄኔሬተር ሲነሳ።]

ከዚያ በፊት ጄኔሬተሩ መድረስ አለበት። ተቆጣጣሪው ሞተሩን ያስነሳል፣ እስኪረጋጋ ይጠብቃል፣ ከዚያ ኃይሉን ለሬክቲፋየሩ ይሰጣል። ባትሪውም አብሮ ይሞላል። ነዳጁ ሙሉ፣ ሞተሩ ደህና ሆኖ እንኳ አልነሳም የሚልበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማስነሻው ትንሽ ባትሪ ነው።

ሶላርስ? የእኛ ጣቢያ በቀን 36 ኪሎዋት-ሰዓት ይበላል። አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝም፣ ብክነቱ ሲታሰብ 10 ኪሎዋት ገደማ ፓኔል ይፈልጋል። ይህ ሰፊ ቦታ ነው። ስለዚህ ብዙ ቦታ ሶላር ብቻውን አይሸከመውም፤ ቀን ቀን ጄኔሬተሩን ያሳርፋል።

[ምስል፦ መለኪያ የያዘ እጅ፣ በተርታ የተቀመጡ አራት ባትሪዎች።]

እኔን የሚያሳስበኝ ያረጀ ባትሪ ነው። ሙቀት ይገድለዋል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስክሪኑ ግን አሁንም 54 ቮልት ይላል፣ ምክንያቱም ያንን ቮልቴጅ የሚሰጠው ሬክቲፋየሩ ነው።

እውነቱ የሚወጣው ባትሪው ሲሠራ ነው። ቴክኒሻኑ ሬክቲፋየሩን ሆን ብሎ ያጠፋና ያያል። ጤነኛው 50 አካባቢ ይረጋና ቀስ እያለ ይወርዳል። የደከመው በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ይሄዳል። ከዚያ አራቱን ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አንድ በአንድ ይለካል። ሦስቱ 12.3 ሲያሳዩ አንዱ 10.1 ላይ ከወደቀ፣ ሌሎቹን ይዞ የሚወርደው እሱ ነው።