«አሜን» የማይበቃበት ምስጋና

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ሰው ሲያመሰግነን ወይም ሲያደንቀን ስለምንመልሰው ነገር ነው።

አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። አብዛኛው ምስጋናችን ምርቃት ስለሆነ መልሱም አብሮት አለ። አራት ኪሎ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ለአንዲት እናት መቀመጫ ብትለቁላቸው «ተባረክ ልጄ» ይላሉ፤ «አሜን» ትላላችሁ፣ አለቀ። ልጅ ታቅፋችሁ ያየ ሰው «ከዓይን ያውጣው» ካለም መልሱ ያው «አሜን» ነው። «እንኳን ደስ አለህ» ለሚል ደግሞ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለለት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለውን እስቲ ቀረብ ብላችሁ እዩት። «ይስጥህ» ብቻ አይደለም፤ «ይስጥልኝ» ነው። እኔ የምከፍልህ ስለሌለኝ እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ እንደማለት ነው። «አብሮ ይስጠን» ብላችሁ ስትመልሱ ውለታውን አልካዳችሁም፣ ለራሳችሁም ብቻ አላደረጋችሁትም። «ጀዛከላህ ኸይር» ላላችሁ ወዳጅ «ወኢያክ» ስትሉም፣ ለሴት ከሆነ «ወኢያኪ»፣ የሚሠራው ይኸው ነው፤ ምርቃቱን ትቀበሉና ለመራቂውም ታደርሱለታላችሁ።

እንግዲህ ጭንቁ የሚመጣው ምርቃት በሌለበት አድናቆት ላይ ነው። «ጎበዝ!»፣ «ግሩም ሥራ ነው»፣ «እንዴት አምሮብሻል!» ሲባል «አሜን» አይገጥምም። ያኔ ነው «ኧረ ተው»፣ «ኧረ ምን ሠራሁና» የሚመጣው። አኒታ ፖሜራንትዝ የምትባል የንግግር ተመራማሪ በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣችው ጽሑፍ ይህን ጭንቅ በደንብ አስቀምጣዋለች። ሰው ሲያደንቃችሁ ሁለት ግዴታ በአንዴ ይመጣባችኋል፤ ከተናጋሪው ጋር መስማማት አለባችሁ፣ ራሳችሁንም ማሞገስ የለባችሁም። አንዱን ስትጠብቁ ሌላውን ታፈርሳላችሁ። ስለዚህ የምንቅለሰለሰው ዓይን አፋር ስለሆንን ብቻ አይደለም።

አንድ ቦታ እንውሰድ። ካዛንቺስ ያለ መሥሪያ ቤት ነው፤ ወሩ ሐምሌ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ተዘግቷል። ኃላፊው የሒሳብ ሠራተኛዋን ሰው በተሰበሰበበት፣ «የዘንድሮው ሪፖርት በጣም ግሩም ነው፤ ጎበዝ!» ይሏታል።

የመጀመሪያው መልስ «ኧረ ምንም አይደል» ነው። ይህ ቃል ቦታ አለው፤ እስክሪብቶ ለተዋሰ ሰው በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን «ይቅርታ» ለሚል ሰው የምንመልሰውም እሱኑ ነው፤ ነገሩ ቀላል ነው፣ አትጨነቅ ማለት ነው። ሳምንታት ለፈጀ ሥራ ሲሆን ግን ኃላፊውን «ያዩት ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ማለት ይሆናል። መልሱ እንዳልሠራ የምታውቁት በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ነው። ያመሰገናችሁ ሰው «ኧረ የምሬን ነው!» ብሎ ከደገመው፣ የመጀመሪያውን አልተቀበላችሁለትም። አሁን ሊያሳምናችሁ እየታገለ ነው።

ሁለተኛው «የእርስዎ አመራር ነው እንጂ» የሚለው ነው። ትሕትና ይመስላል፤ ግን ሰው ፊት ሲባል ውዳሴውን ባለበት መልሶ እንደመወርወር ነው፣ ለሰሚውም የሽንገላ ሽታ አለው። ሦስተኛው «እኔ እኮ ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምሠራው» ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ ያለው «ሁልጊዜም» የምትለዋ ላይ ነው። ኃላፊው ያመሰገኑት አንድ ሪፖርት ነው፤ እሷ ወደ ራሷ ጠባይ አሰፋችው። መስፋቱ ነው ጉራ የሚያደርገው።

የሚሠራው መልስ የተነገረውን ነገር አያሰፋም፣ አያጠብም። እንዲህ ብትል፦ «አመሰግናለሁ፤ ስላዩልኝ ደስ ብሎኛል። የባንክ ማስታረቂያው ነበር ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ። የንብረት ክፍል ባልደረቦቼ የቆጠራውን ሰነድ በጊዜ ባያደርሱልኝ ኖሮ አልደርስም ነበር።»

መጀመሪያ ተቀበለች። «ስላዩልኝ» የምትለው ቃል ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ ትኩረቱን ከእሷ ብልጫ ወደ እሳቸው ማስተዋል ታዞረዋለች፣ ግን ሥራውን አትክድም። ቀጥላ አንድ እውነተኛ ዝርዝር ሰጠች። «የባንክ ማስታረቂያው» ስትል ስለ ሥራው ነው የምታወራው፤ ሰው ስለ ሥራ ሲያወራ ስለ ራሱ ማውራቱን ያቆማል። በመጨረሻ ያገዟትን ጠራች፣ ያደረጉትንም ነገረች። «ሁሉም የቡድኑ ሥራ ነው» ብትል ኖሮ ማንም አልተመሰገነም ነበር፤ ቆጠራውን ያደረሱት ሰዎች ግን አሁን ስማቸው ተነሥቷል። ያገዘ ከሌለ ደግሞ አትፈልጉለት፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ከዚያ ዝም ማለት ነው። እኔ ከሁሉም ከባዱ ይህ ይመስለኛል። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ካለቀ በኋላ ዝምታው ሲያሳፍረን «ግን ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ትንሽ ስህተት አለች» እንላለን። ስህተቷ እውነት ከሆነች ከስብሰባው በኋላ ለብቻ ትነገር። ሌላው ሰው የሠራውን ሥራ ለእናንተ ሰጥተው ካመሰገኗችሁ ግን እዚያው በዚያው ነው የሚታረመው፤ «ይሄን እንኳን የሠራችው እሷ ናት» በሉ፣ ሳታድሩ።

ቤት ውስጥም ያው ነው። እንግዳ የዶሮ ወጥ ቀምሶ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ሲል ምርቃት ስለሆነ ወጡን የሠራችው «አሜን» ትላለች። ብዙ ጊዜ ግን «ኧረ ዛሬስ ጨው በዝቶባታል» ይከተላል። ያኔ እንግዳው ለወጧ ጠበቃ መቆም አለበት፤ ሁለት ጊዜ «ኧረ በጭራሽ!» ይላል፣ ሦስተኛ ጉርሻም ይጎርሳል። በዚያ ፈንታ «አሜን። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ቀስ ብዬ ነው ያቁላላሁት፤ ስለጣመህ ደስ አለኝ» ብትለው ጨዋታው ወደ ሽንኩርቱ ይሄዳል፣ እሱም እንዴት እንደሚቁላላ ይጠይቃታል።

«እንዴት አምሮብሻል!» ለሚለውም ረጅም መልስ አያስፈልግም። «የሚያምረው ዓይንሽ ነው» የሚለው የቆየ መልስ ለወዳጅ ጥሩ ነው፤ ለማታውቁት ሰው ፈገግ ብሎ «አመሰግናለሁ» ይበቃል። ወዲያው «አንቺም አምሮብሻል» ማለት ግን፣ ያያችሁት ነገር ከሌለ፣ ብድር መክፈል ብቻ ይሆናል። ለሽማግሌ ደግሞ አንዳንዴ ቃል እንኳን አያስፈልግም፤ ከወንበር ብድግ ብሎ፣ በግራ እጅ ቀኝ ክንድን ደግፎ መጨበጥ ራሱ መልስ ነው።

አንድ ልተዋት ያልፈለግኳት አለች። «አንተማ ጎበዝ ነህ፤ እስቲ ይቺንም ለነገ ጨርስልኝ» የሚል ምስጋና አለ። ሁለት ነገር ነው የተነገራችሁ፣ በሁለት ትንፋሽ መልሱት። «አመሰግናለሁ» ብላችሁ ዓረፍተ ነገሩን ዝጉት። ከዚያ ስለ ሥራው ብቻ፦ «ለነገ አይደርስልኝም፣ ሐሙስ ላስረክብ እችላለሁ።» ሁለቱን በ«ግን» ካገናኛችኋቸው እንቢታው ምስጋናውን ይበላዋል፤ ነጥብ አድርጋችሁ ከለያችኋቸው ምስጋናውም ተቀባይ አገኘ፣ ሐሙስም ሐሙስ ሆኖ ቀረ።

ለዛሬ ይቺን ነው የያዝኩት። ሰላም ሁኑ።